ክሊራንስ የማይጠይቀው ርክክብ

ከመሥሪያ ቤት የሚለቅ ሰው ክሊራንስ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ንብረት ክፍል ላፕቶፑን ይረከባል፣ ፋይናንስ ያልተወራረደ ሒሳብ አለመኖሩን ያያል፣ የሰው ኃይል መታወቂያውን ይቀበላል። ሁሉም ከፈረሙ በኋላ ሰውየው ነጻ ነው። የሚለቀው የአይቲ ባለሙያ ሲሆን ግን ወረቀቱ ላይ ቦታ ያልተሰጠው አንድ ነገር ይቀራል፤ ሌሊት ሌሊት ማንም ሳይነካው ተነሥቶ የቀኑን ሒሳብ የሚሰበስብና ለሥራ አስኪያጁ በኢሜይል የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም። ባለሙያዎቹ ስክሪፕት ይሉታል።

ስክሪፕቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ተተኪው ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ አንብቦ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። እንግዲያው ለቃቂው ለምን ደብዳቤ ይጽፋል? ስክሪፕቱ የሚያደርገውን እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ስለማይናገር ነው። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚነሣ፣ በማን ስም እንደሚሠራ፣ ደኅና ያደረው ሌሊት ምን እንደሚመስል፣ ሳይሠራ ያደረው ቀን እንዴት እንደሚካካስ ከመስመሮቹ ውስጥ አይነበብም። ጥሩ የርክክብ ደብዳቤ የሚጻፈው ለእነዚህ አራት ጉዳዮች ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። 12 ቅርንጫፎች ያሉት አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ዩኒየን እናስብ። ቅርንጫፎቹ የዕለቱን ቁጠባ፣ ብድርና ተመላሽ በኔትወርክ ወደ አንድ ዳታቤዝ ያስገባሉ። መስመር ሲቋረጥባቸው የቆዩት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እያስገቡ ይቆያሉ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የዳታቤዙ ቅጂ ይወሰዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ስክሪፕቱ ተነሥቶ የተዘጋውን ቀን ሪፖርት ያወጣል። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ሲገቡ ሪፖርቱ በኢሜይላቸው ይጠብቃቸዋል። ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ስክሪፕት ይህ ነው እንበል፦

```bash
#!/bin/bash
DAY=$(date +%F)
OUT=/srv/report/$DAY.csv.gz
psql --csv -d saving -v day="$DAY" \
  -f /opt/report/daily.sql | gzip > "$OUT"
/opt/report/send.sh "$OUT"
```

በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነው። የዛሬን ቀን ከሰርቨሩ ጠይቅ። በዚያ ቀን ስም ፋይል አዘጋጅ። ዳታቤዙን የቀኑን ዝርዝር ጠይቀህ መልሱን ጨምቀህ ፋይሉ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ላክ። ይህን በየሌሊቱ የሚቀሰቅሰው ክሮን የሚባለው የሊነክስ አገልግሎት ነው። ክሮን እንደ ትምህርት ቤት ደወል መቺ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይደውላል፣ ተማሪው ክፍል መግባት አለመግባቱን ግን ዞሮ አያይም። ለክሮን የተሰጠው ትእዛዝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```
0 23 * * * /opt/report/nightly.sh
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ደቂቃና ሰዓት ናቸው። ሦስቱ ኮከቦች የወሩን ቀን፣ ወሩንና የሳምንቱን ቀን ይተካሉ፤ «በማንኛውም» እንደ ማለት ነው።

በማን ስም ይሠራል?

ክሮን ሥራዎችን የሚይዘው በተጠቃሚ ነው። እያንዳንዱ የሰርቨሩ ተጠቃሚ የራሱ ዝርዝር አለው። አንድ ሰው `crontab -l` ብሎ ሲጠይቅ የሚያየው የራሱን ብቻ ነው፤ ተተኪው በአዲሱ አካውንቱ ገብቶ ይህን ትእዛዝ ቢጽፍ ባዶ ዝርዝር ያገኝና «እዚህ የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ችግሩ የሚገለጠው ለቃቂው ስክሪፕቱን በመጀመሪያው ቀን በራሱ ስም ከፍቶት እንደሆነ ነው። ደንቡ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት እንዲሰረዝ ያዛል፤ ትክክለኛም ደንብ ነው። አካውንቱ በተሰረዘበት ሌሊት ግን ሪፖርቱም አብሮ ይቆማል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ክሮን ባለቤት የሌለው ዝርዝር ሲያገኝ መዝገቡ ላይ `ORPHAN (no passwd entry)` ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ሳይሠራ ያልፈዋል፤ ለማንም አይናገርም።

ስለዚህ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። ስክሪፕቱ ሰው ወዳልሆነ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ወደተከፈተ አካውንት መዛወር አለበት። ከዚያ ደብዳቤው እንዲህ ሊል ይችላል፦

«የሌሊቱ ሪፖርት የሚሠራው `report` በሚባል አካውንት ነው። ዝርዝሩን ለማየት `sudo crontab -u report -l` ይበሉ። ለማስተካከል በ `-l` ፈንታ `-e` ያድርጉ። `-r` ግን ዝርዝሩን በሙሉ ይሰርዛል፤ ‹እርግጠኛ ነህ ወይ› ብሎም አይጠይቅም። ሁለቱ ፊደላት ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ስለሆኑ የዝርዝሩን ቅጂ `/opt/report/crontab.txt` ውስጥ አስቀምጬልዎታለሁ።»

የዳታቤዙ ፓስወርድም በዚሁ ክፍል ይነሣል፤ ቃሉ ራሱ ግን ደብዳቤው ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው የት እንደሚገኝ ነው። በፖስትግረስ ዳታቤዝ የተለመደው ቦታ በአካውንቱ የግል ማውጫ ውስጥ ያለው `.pgpass` ፋይል ነው። ይህ ፋይል ከባለቤቱ በስተቀር ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ ከተቀመጠ ፕሮግራሙ ችላ ብሎት ያልፋል። ተተኪው ፋይሉን ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ሲያስቀምጥ ፈቃዱ ከላላ «ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ አልገባም አለኝ» የሚል እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። መድኃኒቱ አንድ ትእዛዝ ነው፦ `chmod 600 .pgpass`። ለቃቂው ከሄደ በኋላም ፓስወርዱ ይቀየራል፤ የሚቀየርበትን ቦታ ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለምን 23 ሰዓት?

ከላይ ያለው የክሮን መስመር 23 ይላል። ሥራው የሚነሣው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለእንግዳ ዓይን ስሕተት ይመስላል። ምክንያቱ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ክረምት ከበጋ አይለዋወጥም። የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ 3 ሲቀነስ ያለፈው ቀን 23 ሰዓት ይመጣል። «8 ሰዓት» የሚለው ቃል ብቻውን ደብዳቤ ላይ ከተጻፈ ለአንዱ ሌሊት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ፣ ሰርቨሩን ለለመደው ደግሞ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ሰዓቱን በሁለት መልክ ይጽፈዋል፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በሰርቨሩ 23:00።

ከዚህ ሥር አንድ ሌላ ነገር ተደብቋል። ስክሪፕቱ «የዛሬ ቀን ስንት ነው?» ብሎ ሰርቨሩን ሲጠይቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ከተቀየረ ሁለት ሰዓት አልፎታል። በሰርቨሩ አቆጣጠር ግን ገና ያው የትናንቱ ቀን ነው። ስለዚህ የሚመጣው መልስ ልክ የተዘጋውን የሥራ ቀን ይሆናል። ስክሪፕቱ ትክክለኛውን ሪፖርት የሚያወጣው በዚህ አጋጣሚ እንጂ በግልጽ ታዞ አይደለም።

አሁን ትጉህ ተተኪ መጣ እንበል። ሰርቨሩ የኢትዮጵያን ሰዓት አለመያዙን አይቶ ማክሰኞ ዕለት ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀየረው። ማንም ይህን ማድረግ ጥፋት ነው አይለውም። የሚሆነውን ግን ቀስ ብለን እንከታተለው። ክሮን የሰዓት ክልሉን የሚያነበው ሲነሣ ስለሆነ፣ እንደገና እስኪጀመር ድረስ በአሮጌው ሰዓት መደወሉን ይቀጥላል። ስክሪፕቱ ግን ቀኑን በየጊዜው አዲስ ስለሚጠይቅ ለውጡን ወዲያውኑ ያያል። በዚያ ሌሊት ሥራው እንደ ልማዱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይነሣል፤ ቀኑን ሲጠይቅ «ረቡዕ» ይባላል፤ የረቡዕን ሒሳብ ዳታቤዙን ይለምናል። ረቡዕ ገና ሁለት ሰዓቱ ስለሆነ ምንም የለም። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ከአርእስቱ በስተቀር ባዶ የሆነ ሪፖርት ያገኛሉ።

ይህኛው ስሕተት ደግ ነው፤ ወዲያው ይታያል። ክፉው የሚመጣው ሰርቨሩ አንድ ቀን ጠፍቶ ሲነሣ ነው። ክሮን ያን ጊዜ አዲሱን ሰዓት ይይዝና 23:00 የሚለውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይተረጉመዋል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። ሪፖርቱ በትክክለኛው ቀን ስም፣ ቁጥሮች ሞልተውበት ይወጣል። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ያስገቡት ቅርንጫፎች ግን የሉበትም። የሪፖርቱ ድምር ከሒሳብ መዝገቡ ጋር እስኪነጻጸር ድረስ ማንም አይጠረጥርም። ያኔም ጥርጣሬው የሚወድቀው ዘግይቶ በሚያስገባው ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ደብዳቤው ይህን ወጥመድ መግለጽ አለበት፤ ከዚያም ይሻላል የሚባለው ለቃቂው ራሱ ነቅሎት መሄዱ ነው። ስክሪፕቱ በአጋጣሚ ከሚያገኘው ይልቅ «በአዲስ አበባ ሰዓት የትናንቱን ቀን ስጠኝ» ተብሎ በግልጽ ቢታዘዝ፣ የሰርቨሩ ሰዓት ቢቀየርም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከተነሣ ድረስ ቀኑን አይስትም። የቀኑ መስመር እንዲህ ይሆናል፦

```bash
DAY=${1:-$(TZ=Africa/Addis_Ababa date -d yesterday +%F)}
```

መጀመሪያ ላይ ያለችው `1` ቀኑን በእጅ መስጠት እንዲቻል የተጨመረች ናት፤ ጥቅሟን በኋላ እናየዋለን። የሰዓቱ ምክንያትም አብሮ ይጻፋል፦ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተመረጠው ቅርንጫፎች እስከ 6 ሰዓት ስለሚያስገቡና ከ7 ሰዓት ጀምሮ የዳታቤዙ ቅጂ ስለሚወሰድ ነው። ወደፊት ሊያስቀድሙት ቢፈልጉ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ይጠይቁ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ተተኪው ሰዓቱን ከመነካካትና ከመፍራት በስተቀር ምርጫ አይኖረውም።

ደኅና ያደረ ሌሊት ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው ስክሪፕት ሲበላሽ የሚጮህ ይመስለዋል። የእኛው ስክሪፕት ግን ዳታቤዙ ጠፍቶ ቢያድር እንኳ ኢሜይል ይልካል። ምክንያቱ በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ያለችው ቀጥ ያለች መስመር፣ `|`፣ ናት። የግራው ፕሮግራም ከዳታቤዝ ያመጣል፤ የቀኙ የመጣለትን ይጨምቃል። የግራው ባዶ እጁን ቢመለስ የቀኙ ምንም ነገር ሳይመጣለት ምንምን ጨምቆ «ሥራዬን ጨርሻለሁ» ይላል። በሼል ልማድ ደግሞ የሰንሰለቱ ውጤት የሚለካው በመጨረሻው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሁሉም ደኅና እንደሆነ ቆጥሮ ይልካል።

የዚህ ምልክቱ የፋይሉ መጠን ነው። `gzip` ከሰንሰለት ምንም ሳይገባለት የሚያወጣው ፋይል 20 ባይት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው መደበኛውን መጠን ቢናገር ተተኪው ኮድ ሳያነብ በዓይኑ ይለያል። በምሳሌአችን፦ «በሥራ ቀን ፋይሉ ከ180 እስከ 260 ኪሎባይት ይሆናል። እሑድ ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ ስለሚሠሩ ወደ 9 ኪሎባይት ይወርዳል፤ ያ ብልሽት አይደለም። 20 ባይት ካዩ ግን ከዳታቤዙ ምንም አልመጣም።» የእሑዱ ማብራሪያ ቀላል ቢመስልም ለተተኪው የመጀመሪያውን ሰኞ ጠዋት ከከንቱ ድንጋጤ ያድነዋል።

እዚህም ላይ ለቃቂው ሁለት ነገር አስተካክሎ ቢሄድ ደብዳቤው ያጥራል። አንደኛው ስክሪፕቱ አናት ላይ የሚገባው `set -euo pipefail` ነው፤ ከሰንሰለቱ አንዱ ከወደቀ ሁሉም እንዲቆም ያዛል። ለ `psql` ደግሞ `-v ON_ERROR_STOP=1` ይጨመርለታል፤ አለበለዚያ ከፋይል የሚያነበው ጥያቄ ውስጥ ስሕተት ቢያገኝም እንደ ተሳካለት ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው የስሕተት መልእክቶች የሚወድቁበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። ክሮን የሥራውን ጩኸት በኢሜይል ለባለቤቱ ለመላክ ይሞክራል፤ ሰርቨሩ ላይ የኢሜይል አገልግሎት ካልተጫነ ግን `No MTA installed, discarding output` ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ የክሮኑ መስመር ጩኸቱን ወደ መዝገብ እንዲጽፍ ይደረጋል፦

```
0 23 * * * /opt/report/nightly.sh >> /var/log/report/nightly.log 2>&1
```

ከዚህ በኋላ ሌሊቱ ሲበላሽ ባዶ ሪፖርት መሄዱ ይቀራል፤ በምትኩ ኢሜይሉ ጭራሽ አይመጣም። ይህ ይሻላል፤ ነገር ግን የሌለን ነገር ለማስተዋል የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ መስክ ላይ ከሆኑ ሦስት ቀን ማንም ላያውቅ ይችላል። ደብዳቤው ስለዚህ ጠባቂውን በሥራ መደቡ ይሰይማል፦ «ሪፖርቱ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካልደረሰ የፋይናንስ ኃላፊው ይደውሉልዎታል። ስልክ ሳይመጣ በፊት እርስዎ በየጠዋቱ `ls -l /srv/report | tail -3` ብለው ያለፉትን ሦስት ቀናት ይዩ።» ትእዛዙ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፋይሎች ስምና መጠን ያወጣል። ቀን ቢዘለል ወይም መጠኑ ቢያንስ ወዲያው ይታያል።

ያመለጠ ሌሊት እንዴት ይካካሳል?

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሳይነሣ ከቀረ ሰርቨሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ተኝቶ ያሳልፋል። ክሮን ያለፈውን ሰዓት አያስታውስም፤ ጠዋት መብራት ሲመጣ ያመለጠውን ሥራ አያነሣም፣ የሚቀጥለውን ሌሊት ይጠብቃል። ቀኑን በእጅ የመስጠቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ተተኪው ያመለጠውን ቀን ጽፎ ያዛል፦

```
sudo -u report /opt/report/nightly.sh 2025-07-07
```

ከትእዛዙ ጋር አንድ ማረጋገጫ አብሮ መጻፍ አለበት፦ ሁለት ጊዜ ማዘዝ ጉዳት አለው ወይ? በምሳሌአችን ፋይሉ በቀኑ ስም ስለሚጻፍ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካል፤ ድምር አይደረብም። ሥራ አስኪያጁ ግን ሁለት ኢሜይል ይደርሳቸዋል። ስክሪፕቱ ከሪፖርቱ ሌላ ወደ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ትእዛዝ የቀኑን ገንዘብ እጥፍ ያደርገው ነበር። ተተኪው ይህን ሳያውቅ ለማካካስ እጁን ቢያነሣ ከማስተካከል ይልቅ ሊያበላሽ ይችላል።

ከላይ የተጻፈው ቀን ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ነው። ፋይሎቹ የሚሰየሙት በፈረንጆቹ ቀን ነው። «የሰኔ 30ን ሪፖርት አውጣልኝ» የተባለ ተተኪ ሰኔን ጁን አድርጎ ካሰበ `2025-06-30` የሚለውን ፋይል ከፍቶ ይልካል። ፋይሉ አለ፤ መጠኑ ደኅና ነው፤ ቁጥሮቹም እውነተኛ ናቸው። የያዘው ግን የሰኔ 23ን ሒሳብ ነው። ነገሩን የሚያባብሰው ንግድ ባንኮች ሒሳባቸውን የሚዘጉት በጁን 30 መሆኑ ነው፤ ከባንክ የመጣ ባለሙያ ቀኑን በዚያው ልማድ ይወስደዋል። ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ «የበጀት መዝጊያው ሰኔ 30 ነው፤ ፋይሉ ሁልጊዜ በ `07-07` ያበቃል።» የሐምሌ 1 እና የጁላይ 8 ግንኙነት በየዓመቱ አይለወጥም። መስከረም 1 ግን ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸሻል፤ ስለዚህ ለዓመት መግቢያ አንድ ቋሚ ቀን ጽፎ መሄድ አያዋጣም።

ደብዳቤው መቼ አለቀ ይባላል?

በወረቀት ሲታይ ይህ ሁሉ ከሁለት ገጽ አያልፍም። ማለቁ የሚታወቀው ግን በገጹ ብዛት ሳይሆን በአንድ ፈተና ነው። ለቃቂው ክሊራንሱን ከማስፈረሙ በፊት ተተኪው ደብዳቤውን ብቻ ይዞ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ሦስት ሥራ ይሰጠዋል፦ የክሮኑን ዝርዝር ማሳየት፣ ያለፈውን ሌሊት ፋይል መጠን አይቶ ደኅና ማደሩን መናገር፣ ያለፈ አንድ ቀን መርጦ ሪፖርቱን እንደገና ማውጣት። ለቃቂው አጠገቡ ሆኖ ዝም ይላል። ተተኪው ዞሮ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ጥያቄ ከደብዳቤው የጎደለ ዓረፍተ ነገር ነውና መልሱ በቃል አይሰጥም፤ እዚያው ደብዳቤው ላይ ይጻፋል።

ሌሊቱን ደግሞ የለቃቂው አካውንት ሳይሰረዝ፣ የአገልግሎት ጊዜው እንዲያበቃ ተደርጎ ለጊዜው ብቻ ይዘጋል። ሪፖርቱ ሲነጋ ከመጣ በእውነት ከሰውየው ተላቋል ማለት ነው። ካልመጣ ግን ባለሙያው ገና ደመወዝተኛ ሆኖ ቢሮ ውስጥ ስላለ ምክንያቱን ፈልጎ ያስተካክለዋል። የሰው ኃይል ክፍል ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ለመጨመር ፈቃደኛ ከሆነ የሚጨመረው ይኸው ነው፦ «አካውንቱ ተዘግቶ የሌሊቱ ሪፖርት ደርሷል»፤ ከጎኑም የፋይናንስ ኃላፊው ፊርማ።